ለጸሐፊዋ ስንብት የሚያነቡት ንግግር

ይድረስ ለውድ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ጡረታ ሲወጡ ንግግሩን እርስዎ እንዲያቀርቡ መመረጥዎን እማማ ነግራኛለች። የላኩልኝን ረቂቅ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን ሦስት ገጽ ሞልቷል። ስንብቱ የሚደረገው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ቆሞ፣ እህል ሳይቀምስ ነው የሚሰማዎት። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከሄዱ ወደ በሩ ማየት ይጀምራል። ጮክ ብለው እያነበቡ በሰዓት ይለኩት፤ በልብ ሲነበብ ሁልጊዜ ያጥራል።

መጀመሪያ የአገልግሎት ዘመኑን ያስተካክሉ። «34 ዓመት» ብለዋል። ሐምሌ 1983 ተቀጥረው ሰኔ 2017 ከለቀቁ ግን አንድ ወር ይጎድላል። ቁጥር ሲዛባ ዝም የማይሉት ደግሞ ራሳቸው ጸሐፊዋ ናቸው! «34ኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ አንድ ወር ሲቀራቸው» ቢሉት ትክክልም ነው፣ ፈገግም ያሰኛል። የቅጥር ደብዳቤውን ከማኅደሩ አስወጥተው ይዩ። ማኅደሩን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ግን በአስተዳዳሪው በኩል ያስጠይቁ፤ አለዚያ ነገሩን ቀድመው ይነቁበታል።

ሁለተኛው ችግር አጻጻፉ ነው። «ተወልደው፣ ተምረው፣ አገልግለው ነበር» እያለ ሲወርድ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ይመስላል። ሴትዮዋ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ትውልዱንና ትምህርቱን ይተዉትና «ነበር» የሚለውን በተቻለ መጠን ያውጡት። «መዝገቡን ያውቁታል» ይበሉ እንጂ «ያውቁት ነበር» አይበሉ።

ከዚያ ሁሉ ይልቅ አንድ ሥራቸውን በደንብ ያሳዩ። የክርስትና መዝገቡን እንዲይዙ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ሕዝቡ ወደ ቢሮው የሚመጣው ባብዛኛው ለምስክር ወረቀት ነው፣ ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለውን ሥራ ግን አያየውም። እንዲህ ቢያነቡት ምን ይመስልዎታል፦

«አንድ ሰው ከውጭ አገር ደውሎ ‹የክርስትና ምስክር ወረቀት እፈልጋለሁ፤ ግን የተወለድኩበትን ቀን አላውቀውም› ይላል። ቤተሰቡ የሚያስታውሰው 1978 ዓ.ም. ጥር ላይ መሆኑን ብቻ ነው። ጸሐፊያችን ከእሳቸው በፊት የተጻፈውን መዝገብ አውጥተው የካቲትን በጣታቸው ይወርዱታል። የካቲት 10 ቀን አንድ ወንድ ልጅ ተጠምቋል፤ የእናቱም የክርስትና አባቱም ስም ይገጥማል። ወንድ በ40 ቀኑ ስለሚጠመቅ ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ጥር 1 ላይ ይደርሳሉ።»

እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ቆጠራው የሚሠራው ልጁ በቀኑ ከተጠመቀ ነው። ታሞ ወይም ቤተሰቡ ሳይመቸው ቆይቶ ከሆነ አይሠራም፤ ሴት ልጅ ብትሆን ደግሞ 80 ቀን ነው። ስለዚህ «የልደት ቀኑን ሰጡት» አይበሉ። «ፍንጩን ነገሩት፣ ወረቀቱ ላይ ግን የጻፉት መዝገቡ ያለውን የጥምቀት ቀን ብቻ ነው» ይበሉ። ጥንቃቄያቸው የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ለእኔ ከማንኛውም ምስጋና ይበልጣል።

ምሳሌው የማንም ስም የሌለበት ይሁን። ጸሐፊ የማን ትዳር እንደፈረሰ፣ ማን ክፍያ እንዳልከፈለ ያውቃል። «ስንቱን ምስጢር ይዘዋል» የሚለው ሐረግ ራሱ ሰው ያሳቅቃል፤ ይሰርዙት።

መክፈቻው ላይ ከ«በስመ አብ» በኋላ ሊቀ ጳጳስ ከተገኙ «ብፁዕ አባታችን» ብለው ይጀምሩ፤ «ብፁዕ ወቅዱስ» የሚባሉት ፓትርያርኩ ናቸው። ቀጥሎ አስተዳዳሪው፣ ካህናቱ፣ የሰበካ ጉባኤው አባላት፣ ምእመናን። ማን እንደሚመጣ ቅዳሜ ማታ ያረጋግጡ፤ ያልመጣ እንግዳ ስም ከወረቀት ላይ ሲነበብ ያሳፍራል። ጸሐፊዋን በሙሉ ስማቸው አንድ ጊዜ ከጠሩ በኋላ «እኅታችን» ማለት ይበቃል።

ስማቸው ሲጠራ እልልታ ይነሣል። እስኪበርድ ዝም ብለው ይቁሙ፤ በላዩ ላይ ካነበቡ ቀጣዩን ዐረፍተ ነገር ማንም አይሰማውም። ስጦታውን ሲሰጡ ዋጋውንና ማን ስንት እንዳዋጣ አያንሱ፤ ገንዘብ ያዥዋ በሪፖርት ታቅርበው።

አስተካክዬ በትልቅ ፊደል አሳትሜ ልኬልዎታለሁ። የወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ነው የተጻፈበት፣ በጀርባው ምንም የለም፤ ገጾቹ ቁጥር አላቸው። ማይኩን ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያርቁት። የማንበቢያ መነጽርዎን ደግሞ ማታውኑ ከነጠላው ጋር ያስቀምጡት።

ልጅዎ