የሳይንስ ክበባችን «እንዶድ» ተባለ

ክበባችን ለዓመታት «የሳይንስ ክበብ» ከመባል በቀር ስም አልነበረውም። ዘንድሮ ስም ይውጣለት ሲባል ከኒውተን እስከ አንስታይን ያልተጠራ ሰው የለም። በድምፅ ብልጫ ያለፈው ግን በየአጥራችን ሥር የሚበቅለው እንዶድ ሆነ። የጥያቄና መልስ ውድድሩና የችግኝ ተከላው እንደ ወትሮው ተካሂደዋል፤ እኔ ግን ስያሜው ይፋ ስለሆነበት ቀን ልጻፍ።

የክበቡ ሰብሳቢ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ በሰልፍ ላይ ያደረገችው ንግግር ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም። «የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች» ብላ ጀመረች። «ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመሻገሩ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከሞተ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ለዚህ ሥራቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እኛም በቆጋ መስኖ ቦይ ስንንቦጫረቅ ያደግን ልጆች ነንና ስሙ አይበዛብንም።»

ቀጥላ የክበቡን ሙከራ አስረዳች። የሚፈለገው መጠን በአንድ ሊትር ውኃ 20 ሚሊግራም ሲሆን የቤተ ሙከራችን ሚዛን ይህን ያህል ጥቂት ነገር አይመዝንም። መላው ቀላል ነበር፤ ደርቆ የተፈጨ አንድ ግራም የእንዶድ ፍሬ በአንድ ሊትር ውኃ ዘፍዝፈው አሳደሩ፤ አጠለሉት፤ ከዚያ 20 ሚሊሊትር ቀድተው በ980 ሚሊሊትር ንጹሕ ውኃ አቀጠኑት። በሌላ ማሰሮ ደግሞ ለማነጻጸሪያ እንዶድ ያልነካው ውኃ አኖሩ። ቀንድ አውጣዎቹን ከቦዩ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፣ በቦት ጫማና በጎማ ጓንት፤ ተማሪ ውኃው ውስጥ እንዲገባ አልፈቀድኩም።

በማግስቱ የእንዶዱ ማሰሮ ቀንድ አውጣዎች አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። ልጆቹ «ሞቱ!» ብለው መዝገቡ ላይ ሊጽፉ ሲሉ አስቆምኳቸው። ቀንድ አውጣ ውኃው ሲከፋበት ወደ ቅርፊቱ ገብቶ ይሸሸጋል፤ የተሸሸገውን ከሞተው በዓይን መለየት አይቻልም። ወደ ንጹሕ ውኃ ተዛውረው ሌላ ቀን ሲቆዩ ጥቂቶቹ ራሳቸውን አውጥተው መሄድ ጀመሩ። ብዙዎቹ ግን በዚያው ቀሩ። በማነጻጸሪያው ማሰሮ የነበሩት ሁሉም በሕይወት ነበሩ። ሰብሳቢዋ እነዚያን የተነሡትን ሳትሸሽግ መናገሯ ከንግግሯ ሁሉ ደስ ያሰኘኝ ነው።

አንድ የባዮሎጂ መምህር «ዓሣውንስ አይገድለውም?» ብለው ጠየቋት። «ይገድለዋል መምህር፤ ስለዚህ የተረፈውን ወደ ቦዩ አልደፋንም» አለች። የቀንድ አውጣ እንቁላል በዚህ መጠን እንደማይጠፋ፣ መርዙም በጥቂት ቀናት ውስጥ በስብሶ ኃይሉን እንደሚያጣ ጨመረችላቸው። ስለዚህ ቦይ አንድ ጊዜ ቢረጭ አይበቃም፤ እየቆየ ሊደገም ግድ ነው። የሚቀጥለው ዓመት አባላት በእንቁላሎቹ ላይ ሊሠሩ ተነጋግረዋል፤ ለዚያም ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬ ከአሁኑ እያደረቁ ነው።