«አካውንቴን ዝጉልኝ» ብቻ አይበቃም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ለንደን ውስጥ ለወገኖቻችን ደብዳቤ በመጻፍና በማስተርጎም አግዛለሁ። ድሮ የሚመጣልኝ የቤት ኪራይና የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነበር። አሁን አሁን «ለቤቲንግ ድርጅት ደብዳቤ ጻፊልኝ» የሚሉኝ እየበዙ ነው። አብዛኞቹ የሚመጡት የውርርድ አካውንታቸውን አንድ ጊዜ ራሳቸው ለማዘጋት ሞክረው ስላልሆነላቸው ነው፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ለእነሱ ነው።

አንድ ወንድማችን ደመወዙ አርብ ይገባና እሑድ ማታ ምንም አይቀረውም። በመጀመሪያ ለድርጅቱ የላከው መልእክት «ጊዜ ስለሌለኝ አካውንቴን ዝጉልኝ» የሚል ነበር። ተዘጋለት። ብዙም ሳይቆይ የነጻ ውርርድ ግብዣ በኢሜይል ደረሰው፤ ሁለት መስመር ጽፎ በዚያው ምሽት አስከፈተው። ተራ መዝጋት እንዲህ ነው፤ ደንበኛው ሲመለስ በሩ ይከፈትለታል። ራስን ማገድ፣ ማለትም ደንበኛው ራሱ «እንዳታጫውቱኝ» ብሎ ድርጅቱን መጠየቁ፣ ግን ሌላ ነገር ነው። በብሪታንያ የቁማር ኮሚሽን ደንብ መሠረት እገዳው ከ6 ወር አያንስም፣ ጊዜው ሳያልቅም ደንበኛው ቢለምን እንኳ አይነሳም። ድርጅቱ የቀረውን ገንዘብ መመለስ አለበት፤ ጥያቄው በደረሰው በ2 ቀን ውስጥም ስሙን ከማስታወቂያ መዝገቡ ማውጣት ይጠበቅበታል። ጊዜው ካለቀ በኋላም እገዳው በራሱ አይነሳም፤ ሰውየው ራሱ መጠየቅ አለበት፣ ከጠየቀም በኋላ አንድ ቀን ይጠብቃል።

ስለዚህ ለዚህ ወንድማችን በእንግሊዝኛ የጻፍንለት ደብዳቤ በአማርኛ ሲነበብ ይህን ይመስላል፦

«በውርርድ የማወጣውን ገንዘብ መቆጣጠር አቅቶኛል። ስለዚህ አካውንቴን እንድትዘጉ፣ ራሴን ለማገድ ያቀረብኩትን ጥያቄም ለ5 ዓመት፣ ይህን የማትፈቅዱ ከሆነ በምትፈቅዱት ረጅሙ ጊዜ እንድትመዘግቡልኝ እጠይቃለሁ። እገዳው እናንተ የምታስተዳድሯቸውን ሌሎች ገጾችም ይጨምር። በአካውንቴ የቀረውን ገንዘብ ወደ ባንክ ሂሳቤ መልሱልኝ። ኢሜይል፣ የስልክ መልእክትም ሆነ የቦነስ ግብዣ ከእንግዲህ አትላኩልኝ። እገዳው የጀመረበትንና የሚያበቃበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቁኝ።»

«ጊዜ የለኝም» የሚለውን አውጥተን «መቆጣጠር አቅቶኛል» ያልነው በዋዛ አይደለም። ሰው ይህን መጻፍ ያፍራል፤ እኔም አልፈርድበትም። ነገር ግን ድርጅቱ ጥያቄውን ከተራ መዝጋት የሚለየው በዚህ ቃል ነው። ነገ ክርክር ቢነሳም ድርጅቱ ያውቅ እንደነበር የሚመሰክረው ይኸው ቃል ነው።

ከደብዳቤው ግርጌ ያሰፈርነው የእኛን ሰው በተለይ የሚመለከት ነው። ስማችን በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። በፓስፖርት Yohannes የተባለ ሰው አካውንቱን በ Yohanes ከፍቶ ይሆናል፤ አንዱ ዘንድ የአባቱን ስም፣ ሌላው ዘንድ የአያቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አስመዝግቦም ይሆናል። እገዳው ሰውየውን የሚለየው በስም፣ በትውልድ ቀን፣ በአድራሻ፣ በኢሜይልና በስልክ ስለሆነ ልዩነቱ ክፍተት ይፈጥራል። ስለዚህ የተጠቀመባቸውን የስም አጻጻፎች፣ ኢሜይሎች፣ የስልክ ቁጥሮችና የቀድሞ አድራሻዎች ሁሉ ዘርዝረን አስገባን።

አንድ ድርጅት ቢያግደው ሌላው ክፍት ነው። ለዚህ ጋምስቶፕ የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። አንድ ጊዜ ተመዝግቦ በብሪታንያ ፈቃድ ካላቸው የኦንላይን ውርርድ ድርጅቶች ሁሉ ለ6 ወር፣ ለ1 ዓመት ወይም ለ5 ዓመት መታገድ ይቻላል። ሥራ ላይ እስኪውል እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፣ በዚያች ቀን የባንክ ካርዱን ሌላ ሰው ቢይዝለት ደግ ነው። እዚህም ላይ ያንኑ የስምና የኢሜይል ዝርዝር ማስገባት ያስፈልጋል፤ አዲስ ኢሜይል ከተከፈተም መጨመር አለበት።

ጋምስቶፕ የማይደርስበት ቦታም አለ። በየመንገዱ ያሉት የውርርድ ሱቆች ለብቻቸው የሚታገዱ ናቸው፤ እገዳውን ጠይቆ ሠራተኞቹ መለየት እንዲችሉ ፎቶ መስጠት ያስፈልጋል። ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ድረ ገጾችም ከጋምስቶፕ ውጪ ናቸው። ለእነሱ የሚረዳው በባንክ መተግበሪያ ውስጥ ያለው የቁማር ክፍያ መከልከያ ነው። እሱም ካርድን እንጂ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ የሚላክን ገንዘብ ላያግድ ይችላል፤ ስለዚህ ባንኩን መጠየቅ ይገባል።

ማረጋገጫው በጽሑፍ ካልመጣ ዝም አትበሉ፤ የላካችሁትን ደብዳቤ ቀኑ እንደሚታይ አድርጋችሁ አስቀምጡና «ቅሬታ ነው» ብላችሁ እንደገና ላኩ። በ8 ሳምንት ውስጥ ካልተፈታ ጉዳዩን ገለልተኛ ወደሆነ አስታራቂ አካል መውሰድ ይቻላል፤ የትኛው እንደሆነ የመንገር ግዴታው የድርጅቱ ነው። ደብዳቤውን መጻፍ ለከበደው ሰው ደግሞ የብሪታንያ የቁማር እርዳታ መስመር 0808 8020 133 ቀንም ሌሊትም በነጻ ይሠራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከለንደን