በ75 ሰከንድ አንድ «ለምን»፦ የሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሚዲያ ክበባችን ዘንድሮ በየሳምንቱ ዓርብ አንድ አጭር ቪዲዮ ሲያወጣ ከርሟል። የዝግጅቱ ስም «የደሴ ለምን» ነው። አንድ ጥያቄ ስለ ከተማችን ይነሳል፤ ከ75 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜም ይመለሳል። ክበቡ ሌላም ሥራ ነበረው። የሰንደቅ ዓላማ ቀንን ቀርጿል፤ በወላጆች ቀን ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ ሲሯሯጥ ውሏል። እነሱን ልዝለላቸው። መምህራንም ወላጆችም ደጋግመው የጠየቁኝ «ይሄን ነገር በየሳምንቱ እንዴት ነው የምትሠሩት?» ብለው ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ ያሰቡት እንደ ተከታታይ ድራማ ነበር። አንዱ ሳምንት በጥያቄ ያበቃል፤ መልሱ በሚቀጥለው ይመጣል። ለቴሌቪዥን ድራማ ይሄ ይሠራል። የእኛ ተመልካች ግን ሰዓት ጠብቆ የሚቀመጥ አይደለም። ቪዲዮውን በትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ቻናል እንለቃለን። ከዚያ አክስት ለአጎት ትልካለች፣ አጎት ለጎረቤት። አዲስ አበባ ወይም ጅዳ ላለ የደሴ ልጅ የሚደርሰው አንዱ ብቻ ነው፤ ያውም የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን። የትኛውንም ቪዲዮ ብቻውን ያየ ሰው ምንም ሳይጎድለው ይጨርስ። «ክፍል 4» የሚል ቁጥር እንኳ አንጽፍም። ቁጥሩን ያየ ሰው «ሦስቱ አምልጠውኛል» ብሎ ያልፈዋላ!

ቅርጹን በአንድ ገጽ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች አቅራቢው ቢጫ ካርቶን ይዞ የተጻፈበትን ጥያቄ ያነባል። ሰላምታ የለም፤ «ውድ ተመልካቾቻችን እንደምን ከረማችሁ» የለም። ቀጥሎ ቦታው በአንድ ሰፊ ምስል ይታያል፤ ስሙም ከታች ይጻፋል። ከዚያ ማስረጃው ይመጣል። የሚታይ ወይም የሚለካ ነገር መሆን አለበት፤ 40 ሰከንድ ያህል የሚወስደውም እሱ ነው። በመጨረሻ ካርቶኑ ይገለበጣል። ጀርባው ላይ መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። ሲገለበጥ አንዲት ተማሪያችን በአምባሰል ቅኝት የደረደረቻት አጭር የክራር ድምፅ ትሰማለች። የራሳችን ስለሆነች የቅጂ መብት ጣጣ የለባትም።

አቅራቢው በየሳምንቱ ይለያያል። ብዙ ሰው «አንድ ፊት ብታለምዱ ይሻል ነበር» ብሎኛል። እኔ አልስማማም። ተመልካቹ ካርቶኑንና ክራሩን ከለመደ ይበቃል፤ አንዱ ልጅ ቢታመም ሥራው አይቆምም።

ቅርጹ የሚፈተነው ግን ጥያቄው ከበድ ሲል ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ደሴ ላይ ክክ ለምን ቶሎ አይበስልም?» የሚል ጥያቄ አመጣች። እናቷ ኮምቦልቻ አድጋ ደሴ ያገባች ናት፤ ይሄን ነገር ሁሌ ታማርራለች። ጥያቄው ግሩም ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ግን ሲነበብ ሁለት ደቂቃ አለፈ። አየር ምንድን ነው፣ ግፊት ምንድን ነው እያለ ከሩቅ ይነሳል። ወዲያው «ለሁለት እንክፈለው» ተባለ፤ አንዱ ስለ አየር ግፊት፣ ሌላው ስለ ክክ። እንዲህ ብንከፍለው ሁለተኛው የሚጀምረው «ባለፈው ሳምንት እንዳየነው» ብሎ ነው። ያቺ ሐረግ ከገባች አበቃ፤ ያለፈውን ያላየ ሰው እዚያው ላይ ይወጣል።

መፍትሔው እያንዳንዱ ቪዲዮ የራሱን ስንቅ እንዲይዝ ማድረግ ሆነ። ስንቅ የምንለው መልሱ እንዲገባ የግድ ማወቅ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ ከሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። የክኩ ስንቅ ይሄ ነበር፦ «ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃውን የሚጫነው ኃይል ያንሳል።» በቃ። ስለ አየር ሌላ የተነገረ ነገር የለም።

ማስረጃው ላይም ክርክር ነበር። ልጆቹ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ክክ ጥደው በሰዓት ሊያወዳድሩ ፈለጉ። ነገር ግን ምድጃው ይለያያል፣ ድስቱ ይለያያል፣ ክኩም ከአንድ ማዳበሪያ ካልተሰፈረ ይለያያል። ተመልካቹም «የእነሱ እሳት ደካማ ሆኖ ነው» ቢል መልስ የለንም። ስለዚህ ከቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ወስደን የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከተትነው። ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ደሴ ላይ ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ቆመ። እሳቱን ጨመርን፤ ውሃው ተንተከተከ እንጂ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከሁሉ የወደድኩት ምስል ይሄ ነው፤ ያለ አንድ ቃል ያስረዳል። ካርቶኑ ሲገለበጥ «ደሴ ላይ ውሃ ሳይሞቅ ይፈላል!» ይላል። «ሳይሞቅ» የሚለው ትክክል አይደለም ብዬ «በበቂ ሳይሞቅ» አስባልኩ። የፊዚክስ መምህር ምን ያድርግ።

ቆይተን «ከደሴ ጃኬት ለብሰን ኮምቦልቻ ስንወርድ ለምን እናወልቃለን?» የሚለውን ሠራን። ይሄም የከፍታ ጉዳይ ነው። ግን የክኩን ቪዲዮ አንድ ጊዜም አላነሳንም። የደሴ ከፍታ እንደገና ተነገረ፤ ኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ እንደምትል ተጨመረ። አንድ ሺህ ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚጨምር፣ ልዩነቱ 4 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ሁለቱንም ያየ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ተደገመበት። ደግሞ አልሰለቸውም፤ አምስት ሰከንድ እኮ ነው።

ቪዲዮው ሐሙስ ይፈተናል። ክበቡ ውስጥ የሌለ፣ ከዚህ በፊት አንዱንም ያላየ ሰው እንጠራለን። አንድ ጊዜ ብቻ እናሳየዋለን፤ ማብራሪያ የለም። ከዚያ ሦስት ነገር እንጠይቀዋለን፦ ጥያቄው ምን ነበር? የት ነው? መልሱስ? ብዙ ጊዜ የሚወድቀው «የት ነው» ላይ ነው። ልጆቹ ሰኞ ገበያን ወይም ሸዋ በርን ማን ያጣዋል ብለው ስሙን ይተዉታል። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሼ ድምፁን አጥፍተው አዩና ምንም እንዳልገባቸው ነገሩን። ከዚያ ወዲህ የሚነገረው ሁሉ ከታች በጽሑፍ ይወጣል። ታክሲ ውስጥ የሚያይ ሰው ድምፅ አይከፍትም።

በዚህ ቅርጽ የማይሠራም አለ። በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ስለተደረገው ጉባኤ ልጆቹ ደጋግመው ጻፉ። አፄ ዮሐንስ ማን እንደነበሩ፣ ክርክሩ በምን ላይ እንደነበር፣ ወሎ ላይ ምን እንዳስከተለ ሳይነገር መልሱ አይገባም። ስንቁ ከጉዞው በለጠ። 75 ሰከንድ ውስጥ ብንጨምቀው ደግሞ ሰው የሚያጣላ ግማሽ ታሪክ ይሆናል። ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ ይሁን ብለን ተውነው።

የሳምንቱን ቀጠሮ ያዳነን ቪዲዮዎቹ ተራ የሌላቸው መሆኑ ነው። ቅዳሜ ስንወጣ ሁለት እንቀርጻለን፤ አንዱ ለዚህ ዓርብ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። የጥር ፈተና ሲመጣ ከመጠባበቂያው ያሻንን አነሳን። ተከታታይ ቢሆን ኖሮ ቅደም ተከተሉ ይይዘን ነበር።

የሐረጎ መንገድ ለምን እንደሚጠማዘዝ የሚጠይቀው ቪዲዮ ለከርሞ ተላልፏል። ጽሑፉ አልቋል፤ ነፋሱ ግን የአቅራቢውን ድምፅ ይውጠዋል። በጆሮ ማዳመጫው ማይክ ላይ ስፖንጅ አልብሰን ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ እንሞክራለን። አዲስ አባላት በመስከረም ሲመዘገቡ ካርቶን ላይ የሚበቃ አንድ ጥያቄና በዓይን የሚታይ አንድ ማስረጃ ይዘው ይምጡ። ስልክ አያስፈልግም፤ የክበቡ አለ።