የማናውቀውን አድራሻ ደጋግሞ የሚያንኳኳው የትኛው ዕቃ ነው?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ከአንዳንዶቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደርሶናል። «ፋየርዎሉ ላይ የማናውቀው የውጭ አድራሻ ይታያል። ከቢሯችን ማን ነው ወደዚያ የሚልከው?» የሚል ነው። በቅርቡ አንድ ደንበኛችን ጋ የሠራነውን ልንገራችሁ። ፈቅደውልናል፤ አድራሻዎቹን ግን ቀይረናቸዋል።

ባለቤቱ ዋየርሻርክ የተባለውን የኔትወርክ መመርመሪያ ፕሮግራም ላፕቶፓቸው ላይ ጭነው ቀኑን ሙሉ ጠብቀዋል። ምንም አላገኙም። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። ስዊች ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚያደርሰው የራሱን ፓኬት ነው፤ ስለዚህ ላፕቶፑ የጎረቤቱን ወሬ አይሰማም። እኛ የሄድነው ወደ ስዊቹ ነው። ወደ ዋናው ራውተር የሚሄደውን ፖርት ኮፒ አድርጎ ላፕቶፓችን ወደተሰካበት ፖርት እንዲልክ አዘዝነው። ከዚያ ማጣሪያው ላይ ይህን ጻፍን፦

```
ip.dst == 203.0.113.45
```

ወዲያው መጣ። በየ30 ሰከንዱ አንዲት ትንሽ የዩዲፒ ፓኬት ትወጣለች፤ ላኪዋ 192.168.1.20 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተገኘ!» ብሎ ያቆማል። እኛ ግን ፓኬቷን ከፍተን ሁለት ነገር አየን።

አንደኛው `Time to Live: 63` የሚለው መስመር ነው። ፓኬት ከዕቃው ሲነሳ አንድ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ራውተር ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነስበታል። ሊኑክስ የሚሠራባቸው ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ64 ይጀምራሉ፤ ዊንዶውስ ከ128። እኛ ያየነው 63 ነው። ዋናው ራውተር ጋ ገና ሳይደርስ አንድ ተቀንሷል ማለት ነው። ሁለተኛው የማክ አድራሻው፣ ማለትም የዕቃው የራሱ መለያ ቁጥር ነው። ዋየርሻርክ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደላትና ቁጥሮች አምራቹን ያውቃል፤ አምራቹ ደግሞ ራውተር ሠሪ ሆኖ ተገኘ።

ስንጠይቅ፣ ዋይፋይ ለማጠናከር ብለው ከዓመታት በፊት ሌላ ራውተር ጓዳ ውስጥ ሰክተው ነበር። 192.168.1.20 የሱ ነው። ከጀርባው ያሉት ዕቃዎች በሙሉ በሱ አድራሻ ይወጣሉ። ያን ራውተር ጥፋተኛ ብለን ብንጥለው ኖሮ፣ እውነተኛው ላኪ አዲሱ ራውተር ላይ ተሰክቶ ሥራውን ይቀጥል ነበር።

ስለዚህ ትንሿን ስዊቻችንን ከጓዳው ራውተር ጀርባ አስገባንና ገመዶቹን ወደሷ አዛወርን፤ እሷንም ወደ ላፕቶፓችን ኮፒ እንድትልክ አዘዝናት። ያንኑ ማጣሪያ ስንጽፍ ላኪው 192.168.0.108 ሆነ፤ ቁጥሩም 64። ከእንግዲህ በመካከል ሌላ ራውተር የለም። ማክ አድራሻውን ይዘን ገመዱን ተከትለን ሄድን። መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ የካሜራ መቅጃ፣ ዲቪአር፣ አገኘን። ከሥሩ የተለጠፈው ቁጥር ከያዝነው ማክ አድራሻ ጋር አንድ ነው። ገመዱን ነቀልነው፤ ፓኬቷ ቆመች። ለአሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅን፤ ዝም። መልሰን ስንሰካው እንደገና ጀመረች።

ለምን እንደሚልክስ? ዲቪአሩን አጥፍተን አበራነው። «ይህ ስም አድራሻው ስንት ነው?» የሚለው የስም ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ዕቃው ሲነሳ ነው፤ በኋላ አድራሻውን ስለሚያስታውስ አይጠይቅም። `dns.a == 203.0.113.45` ብለን ስናጣራ መልሱ ተገኘ። ስሙ ካሜራውን ከስልክ ለማየት የሚያገለግለው የአምራቹ አገልግሎት ነው። ራውተር ጸጥ ያለ የዩዲፒ መንገድን ቶሎ ስለሚዘጋ፣ ዲቪአሩ መንገዱ ክፍት እንዲቆይ በየ30 ሰከንዱ ያንኳኳል። ባለቤቱ ካሜራውን ከስልክ አይተውት አያውቁም። ዲቪአሩ ላይ ይህን አገልግሎት የሚያበራውን `P2P` የሚለውን አጠፋነው፤ ፓኬቷም ቀረች። ከስልክ የምታዩ ከሆነ ግን ይህን ስታጠፉት ስልኩ ላይ ያለው ምስልም አብሮ ይጠፋል።

ዋየርሻርክ ማን ለማን በስንት ሰዓት እንደላከ ያሳያል። የተመሰጠረውን ይዘት ግን አይከፍትም። የስም ጥያቄው ማንነቱን ባይነግረን ኖሮ፣ ዲቪአሩን ከኔትወርኩ ነጥለን ሶፍትዌሩን እንመረምር ነበር እንጂ «ሰላም ነው» አንልም ነበር። ስልኮች ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። አዳዲሶቹ የማክ አድራሻቸውን ራሳቸው ይፈጥራሉ፤ አምራቹ አይታወቅም። የማኩ ሁለተኛ ፊደል ወይም ቁጥር 2፣ 6፣ A ወይም E ከሆነ ተለጣፊ ፍለጋ አትድከሙ፤ ያኔ ስልኮቹን አንድ በአንድ ከዋይፋይ ማውጣት ይሻላል።

እንዲህ ያለ አድራሻ ካያችሁ፣ እኛ እስክንመጣ ምንም ነገር ሪሴት አታድርጉ። አድራሻውንና ያያችሁበትን ሰዓት ጻፉልን፤ ቢሮ ውስጥ ተጨማሪ ራውተር ካለም ንገሩን። የካፕቸር ፋይል ካላችሁ በቴሌግራም አትላኩት። ያልተመሰጠረ የይለፍ ቃል በውስጡ ሊኖር ይችላል፤ በፍላሽ እንወስደዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ክፍል