የሲስተሙ አራተኛ ቨርዥን ለምን እንደዘገየና ከዚህ በኋላ የምንሠራው

ዓርብ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራት ሥራ አስኪያጆች፣ ሂሳብ ሹሞችና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት

ሰኞ ኅዳር 1 ሥራ ይጀምራል ብለናችሁ የነበረው የሲስተሙ አራተኛ ቨርዥን አልተለቀቀም። አዲሱ ቀን ሰኞ ኅዳር 22 ነው። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤያችን መዘግየቱን ብቻ ነግረናችሁ ምክንያቱን ሳንገልጽ ቀርተናል፤ ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን። ጉዳዩ የአባላትን ሂሳብ የሚነካ ስለሆነ ከዚህ በታች ሳናሳጥር እናስረዳለን።

በመጀመሪያ፣ አሁን የምትሠሩበት ሦስተኛው ቨርዥን ምንም አልተነካም። ስሕተቱ የተፈጠረው የድሮውን መረጃ ወደ አዲሱ ሰርቨር ስናሻግር ሲሆን፣ የተገኘውም በሙከራ ኮፒው ላይ ነው። ለማንም አባል የተሳሳተ ቀሪ ሂሳብ አልተነገረም፣ የተሳሳተ ወለድም አልተቆረጠም።

የሆነው ይህ ነው። የድሮው ቨርዥን ቢሯችሁ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ስለሚሠራ ሰዓቱም የአዲስ አበባ ሰዓት ነው። አዲሱ ሰርቨር ግን የሚሠራው ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ሲሆን፣ ይህ ሰዓት ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። መረጃው ሲሻገር ከእያንዳንዱ መዝገብ ላይ ሦስት ሰዓት ይቀነሳል። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ተመልሶ ሲታይ ሦስቱ ሰዓት ይደመራልና። ስሕተቱ የማሻገሪያ ፕሮግራማችን ከቀነሰ በኋላ ሰዓቱን ቆርጦ ጥሎ ቀኑን ብቻ ማስቀመጡ ነው።

መስኮት ላይ የተመዘገበ ገንዘብ በዚህ አይጎዳም። ገንዘብ ያዧ ከጠዋቱ 4:30 የመዘገበችው ክፍያ ሦስት ሰዓት ሲቀነስለት ከጠዋቱ 1:30 ይሆናል፤ ቀኑ ያው ነው። ከደመወዝ ተቀናሽ ዝርዝር ላይ በኤክሴል የሚጫነው ግን ሰዓት የለውም። ሰዓት ያልተጻፈለትን መዝገብ ሲስተሙ ቀኑ በሚለወጥበት በሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ እንደተመዘገበ ይቆጥረዋል። ከዚያ ላይ ሦስት ሰዓት ሲቀነስ ያለፈው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ሰዓቱ ሲቆረጥ ደግሞ የቀረው የትናንቱ ቀን ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ በተቀናሽ የገባ ገንዘብ በሙሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ሲሄድ በመስኮት የገባው ባለበት ቀረ።

የኮምፒዩተር ባለሙያ ያላችሁ ማኅበራት ነገሩን በፖስትግሬስ ላይ በአንድ መስመር ማየት ትችላላችሁ፦

```
SELECT ('2025-07-08 00:00+03'::timestamptz
        AT TIME ZONE 'UTC')::date;
```

መልሱ `2025-07-07` ነው። የገባው ቀን ሐምሌ 1 ቀን 2017 ሲሆን የወጣው ግን ሰኔ 30 ነው። `UTC` የሚለውን በ`Africa/Addis_Ababa` ብትተኩት ትክክለኛውን ሐምሌ 1 ታገኛላችሁ።

አንድ ቀን ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ያ ቀን ሐምሌ 1 ሲሆን ግን የበጀት ዓመቱን ድንበር ያልፋል። ለማሳያ ያህል፣ አንድ አባል ሰኔ 10 ቀን 60,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ መስኮት ላይ ተበደረ እንበል። የቀን ወለዱ 60,000 በ0.18 ተባዝቶ ለ365 ሲካፈል 29 ብር ከ59 ሳንቲም ነው። መሥሪያ ቤቱ 5,000 ብር ተቀናሽ ያስተላለፈው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ከሰኔ 10 እስከ ሐምሌ 1 ያለው 21 ቀን ስለሆነ ወለዱ 621.37 ብር፣ ከዋናው ብድር ላይ የሚቀነሰው ደግሞ 4,378.63 ብር ይሆናል። ሰኔ 30 ላይ የአባሉ ዕዳ ገና 60,000 ብር ነው።

በተሳሳተው ኮፒ ላይ ይኸው ክፍያ የገባው ሰኔ 30 ነው። ወለዱ የ20 ቀን ብቻ ሆኖ 591.78 ብር ተያዘ፤ የሰኔ 30 ዕዳም 55,591.78 ብር ሆነ። በወለዱ በኩል ማኅበሩ የሚያጣው 29.59 ብር ነው። ከዚያ የሚከፋው ግን ተዘግቶና በኦዲተር ታይቶ የተፈረመበት የ2017 ሂሳብ መለወጡ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ያልነበረ ጥሬ ገንዘብ እንደነበረ ሆኖ ይታያል፣ የብድር ቀሪውም ከኦዲት ሪፖርቱ ጋር አይገጥምም።

ቀድሞ ለምን አልታየም ለሚለው ጥያቄ መልሱ በአመሳከርንበት መንገድ ውስጥ ነው። መረጃ ካሻገርን በኋላ ሁለት ነገር እናመሳክር ነበር፤ የመዝገቦቹን ብዛትና የገንዘቡን ጠቅላላ ድምር። ቀን ሲንሸራተት ብዛቱም ድምሩም አይለወጥም፣ ስለዚህ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ወለዱም ቢሆን ሁልጊዜ አያሳብቅም። ብድሩም ክፍያውም በዝርዝር የተጫኑ ከሆነ ሁለቱም እኩል አንድ ቀን ስለሚሸሹ በመካከላቸው ያለው የቀን ብዛት ያው ነው። ልዩነት የሚወጣው አንደኛው በመስኮት፣ ሌላኛው በዝርዝር ሲገባ ነው። ችግሩን ያጋለጠው ጥቅምት 27 ቀን የሰኔ 30 ትሪያል ባላንስ ከኦዲት ሪፖርቱ ጎን ተደርጎ በየሂሳብ መደቡ ሲመሳከር ነው። ይህ ማመሳከሪያ ከመጀመሪያውም የሥራ ዝርዝራችን ውስጥ መኖር ነበረበት፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

«በሁሉም ላይ አንድ ቀን ጨምሩና ጨርሱት» ብላችሁ የደወላችሁልን አላችሁ። አሳቡ የሚገባን ቢሆንም አያዋጣም። በሁሉም ላይ ከጨመርን በትክክለኛው ቀን ላይ ያሉት የመስኮት መዝገቦች ወደ ነገ ይሄዳሉ። የትኛው መዝገብ ሰዓት እንደነበረው እንዳንለይ ደግሞ ሰዓቱ ተቆርጦ ተጥሏል። ስለዚህ የተበላሸውን ኮፒ ከመጠገን ይልቅ ጥለነው ከዋናው መረጃ እንደገና እናሻግራለን። ሦስት ሳምንት የፈጀብንም ይህ ነው።

በዚህ ሳምንት የተጠናቀቀው የዳታቤዙ ማስተካከያ ነው። ከአሁን በኋላ እያንዳንዱ መዝገብ ሁለት ቀን ይኖረዋል። አንደኛው ሂሳቡ የሚቆጠርበት የሥራ ቀን ነው፤ ይህ ያለ ሰዓት፣ በቀንነቱ ብቻ ስለሚቀመጥ የሰርቨሩ ሰዓት ምንም ቢሆን አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው መዝገቡ በማን እጅ፣ በስንት ሰዓት እንደገባ የሚያሳየው ለቁጥጥር የሚያገለግለው ነው። ወለድም ሆነ የዓመት መዝጊያ የሚሰላው በመጀመሪያው ብቻ ነው።

ከሰኞ ኅዳር 8 እስከ ቅዳሜ ኅዳር 13 መረጃችሁን እንደ አዲስ አሻግረን ድምሩን በየቀኑ እናመሳክራለን። ከጠቅላላው ድምር በተጨማሪ የእያንዳንዱ ቀን ገቢና ወጪ በድሮውና በአዲሱ ቨርዥን ጎን ለጎን ይወጣል፤ አንድ መዝገብ እንኳ ቢንሸራተት በሁለት ተከታታይ ቀናት ላይ አንዱ ሲጎድል ሌላው ሲተርፍ ይታያል። በተለይ የምንፈትሻቸው የድንበር ቀናት አሉ፤ ሰኔ 30 እና ሐምሌ 1፣ ጳጉሜን 5 እና መስከረም 1፣ እንዲሁም ጳጉሜን ስድስት ቀን የሆነበት የ2015 ዓ.ም. መጨረሻ። የ2016 መስከረም 1 የዋለው እንደ ዘንድሮው በመስከረም 11 ሳይሆን በፈረንጆቹ መስከረም 12 ስለሆነ ቀን ለዋጩ ሊሳሳት የሚችልበት ቦታ ነው።

ከሰኞ ኅዳር 15 ጀምሮ ባለው ሳምንት ሥራችሁን እንደወትሮው በድሮው ቨርዥን ትቀጥላላችሁ። እኛ የየዕለቱን መረጃ ማታ ወደ አዲሱ እናስገባለን፤ ጠዋት ሁለቱ ያወጡትን የቀን መዝጊያ ለሂሳብ ሹማችሁ እንልካለን። ለማመሳከር በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ይህን ጊዜ እንድትሰጡን እንለምናለን። የራሳችሁን ሂሳብ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም።

ውሳኔው የሚሰጠው ሐሙስ ኅዳር 18 ነው። መለኪያችን አንድ ነው፤ የሰኔ 30 ቀን 2017 የትሪያል ባላንስ ልዩነት በሁሉም የሂሳብ መደብ ዜሮ ብር ከዜሮ ሳንቲም መሆን አለበት። አንድ ሳንቲም ቢጎድል አንለቅም። በዚያ ጊዜ ቀጣዩ ቀን ኅዳር 29 አይሆንም፤ በማግስቱ ኅዳር 30 የወር ወለድ የምትዘጉበት ቀን ስለሆነ በዚያ ሰሞን ሲስተም መቀየር ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ወደ ሰኞ ታኅሣሥ 6 ይተላለፋል።

ልኩ ከተገኘ ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን ካዝናችሁን እስከ 6 ሰዓት ዝጉልን። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን መረጃ እናሻግራለን። እሑድ የኅዳር ጽዮን በዓል ስለሆነ ከእናንተ ማንም ቢሮ መግባት አይጠበቅበትም። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት በአዲሱ ትጀምራላችሁ፤ በየቅርንጫፉም አንድ ባለሙያችን ይገኛል። ሰኞ ጠዋት ከባድ ችግር ቢገጥም የቅዳሜው ባክአፕ ስላለ በዚያው ቀን ወደ ድሮው መመለስ ይቻላል። ከማክሰኞ በኋላ ግን መመለስ ማለት የሁለት ቀን ሥራ በእጅ እንደገና መጻፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰኞ የምታዩትን ማንኛውንም እንግዳ ነገር ወዲያው ደውላችሁ ንገሩን።

ለአባላት ቀሪ ሂሳብ በአጭር መልእክት የሚልከው አገልግሎት ከዚህ ዙር ወጥቷል። ብዙዎቻችሁ እንደምትጠብቁት እናውቃለን። ሆኖም በስልክ የተላከ የተሳሳተ ቁጥር አይመለስም፤ አባሉ ደግሞ የሚያምነው እጁ ላይ ያለውን ነው። አንድ የወር መዝጊያ በአዲሱ ሲስተም በሰላም ካለፈ በኋላ በጥር ወር እንጨምረዋለን።

እስከዚያው ከእናንተ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው። በየማታው ባክአፕ በፍላሽ ያዙ፣ ፍላሹም ከኮምፒዩተሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይደር። በኅዳር 15 ሳምንት ደግሞ ያለፈ ቀን መዝገብ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አታርሙ። ግድ ከሆነ የደረሰኙን ቁጥርና የተለወጠውን በወረቀት ጽፋችሁ ለእኛ አሳውቁን፤ አለበለዚያ የእናንተን እርማት ከእኛ ስሕተት መለየት አንችልም።

የአዲሱ ቨርዥን ዓመታዊ የድጋፍ ክፍያ የሚቆጠረው ሥራ ከጀመረበት ቀን ነው፤ ላለፉት ቀናት አናስከፍልም። ሥልጠናውን በጥቅምት የወሰዱ ሠራተኞቻችሁ እንዳይረሱት በኅዳር 15 ሳምንት በየቅርንጫፋችሁ የአንድ ሰዓት ክለሳ ያለ ክፍያ እንሰጣለን። ቀንና ሰዓቱን እናንተ ምረጡ።

የሚቀጥለው ደብዳቤ ዓርብ ኅዳር 12 ይደርሳችኋል። የየማኅበራችሁ የቀን ድምር ማመሳከሪያ ውጤት አብሮት ይላካል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሲስተም ልማትና የደንበኞች ድጋፍ ክፍል