የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የተደራረቡት መስቀሎች

ክበባችን በዓመቱ ካከናወናቸው ሥራዎች አብዛኞቹ የተለመዱ በመሆናቸው፣ ይህን ገጽ ለወላጆች ቀን ለተዘጋጀ አንድ የፓወርፖይንት ስላይድ ብቻ እሰጠዋለሁ። ስላይዱ እዚሁ ወሎ፣ ላሊበላ የሚገኘውን የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ ያሳያል። በጣሪያው ላይ መስቀሎች አንዱ በሌላው ውስጥ ስለተቀረጹ፣ አባላቱ ትልቁን መስቀል ሠርተው በ`Ctrl+D` ሁለት ጊዜ አባዙት፤ ከዚያም `Ctrl` እና `Shift`ን ተጭነው ጠርዙን ወደ ውስጥ በመጎተት ቅጂዎቹን አሳነሱ።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የትልቁን ቀለም ለመቀየር ብላ `Bring to Front`ን ስታዝ ሁለቱ ትንንሾች ከዓይን ጠፉ። «መምህር፣ ተሰረዙብኝ» ብላ እንደገና ሠራቻቸው። `Alt+F10` ተጭነን `Selection Pane`ን ስንከፍት ግን በዝርዝሩ ውስጥ አምስት መስቀሎች ተደርድረው አገኘን። ዝርዝሩ እንደ መሶብ እንጀራ ነው፤ ከላይ የተጻፈው በስላይዱም ላይ ከሁሉ በላይ ያለው ነው። ከስሙ አጠገብ ያለው ቁጥር ግን ይህን ቅደም ተከተል አያሳይም። በዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ሲነካ ከሥር የተሸፈነው ቅርጽ እንኳ ስለሚመረጥ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ በዚህ ለየን፤ ትርፎቹን ሁለቱን ሰርዘን፣ የቀሩትን «ትልቅ»፣ «መካከለኛ» እና «ትንሽ» ብለን ሰየምን፤ «ትልቅ»ንም በዝርዝሩ ወደ ታች ጎትተን አወረድነው።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደብን ማቧደኑ ነበር። ሦስቱ አብረው እንዲንቀሳቀሱ በ`Ctrl+G` ስናቧድናቸው፣ መስቀሎቹ አንድ በአንድ እንዲወጡ የሠራነው አኒሜሽን በሙሉ ጠፋ፤ በ«ትልቅ» እና በ«መካከለኛ» መካከል የነበረው ቀስትም ተሸፈነ። ቡድኑ የሚቀመጠው ከአባላቱ ከሁሉ በላይ በነበረው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ በመካከል የነበረው ሁሉ ከሥሩ ይቀራል። `Ctrl+Shift+G` ቡድኑን ይፈታል እንጂ የጠፋውን አኒሜሽን አይመልስም፤ የመለሰልን ወዲያው የተጫንነው `Ctrl+Z` ነው። በመጨረሻ መስቀሎቹን ለየብቻ ትተን እያንዳንዱን ቀስት ከጽሑፉ ጋር ብቻ አቧደንን፤ የቀስቶቹንም አኒሜሽን የሠራነው ካቧደንናቸው በኋላ ነው። ዘዴው የማያምር ቢመስልም፣ መስቀሎቹ በየተራ መውጣት ስላለባቸው ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

በዋዜማው በተደረገው ሙከራ «መካከለኛ» አልወጣም። ቀደም ሲል ከሥሩ ያለውን ለማረም ከስሙ ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭነን ደብቀነው ሳንመልሰው ቀርተናል፤ በዚህ መንገድ የተደበቀ ቅርጽ ደግሞ በማሳያውም ጊዜ አይታይም። `Show All` ብንጫን ሁሉንም ይመልስ ነበር፤ ይሁንና ሆን ብለን የደበቅናቸው የቆዩ ሙከራዎችም አብረው ብቅ ስለሚሉ፣ የዚያችን አንዲት መስቀል ዓይን ብቻ ከፈትን።