200 ዶላር ሐዋሳ ሲደርስ ስንት ብር ነው? ለብሔራዊ ባንክ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገዥ ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከውጭ የተላከ ገንዘብ የተመነዘረበት ዋጋ ለተቀባዩ በጽሑፍ እንዲገለጽለት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምኖር የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ሞባይል የሚጠግን የእህት ልጅ አለኝ፤ ለእሱና ለእናቱ በየወሩ 200 ዶላር እልካለሁ። ሰሞኑን በቴሌግራም እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «አክስቴ፣ ያለ ምንም ክፍያ የሚልክ አፕ እያለ ለምን አምስት ዶላር ትከፍያለሽ? ደግሞ በወር አንዴ ከሚሆን በየሳምንቱ ሃምሳ ሃምሳ ብትልኪልኝ ይሻለኛል። አንድ ላይ ሲመጣ እጄ ላይ አይበረክትም።»

ለልጁ ረጅም መልስ ጻፍኩለት። እየጻፍኩ ሳለ ግን፣ ነገሬን ራሱ እንዲያረጋግጥ የሚያስፈልገው መረጃ እጁ ላይ እንደማይገባ ታየኝ። ያንን መረጃ እንዲያገኝ ማድረግ የምትችሉት እናንተ ስለሆናችሁ፣ የጻፍኩለትን እዚህ አስፍሬዋለሁ፦

«ልጄ፣ ክፍያ የለም ያለህ አፕ አልዋሸም። ክፍያ አይወስድም፤ የሚያተርፈው ከምንዛሪው ላይ ነው። ለስሌት እንዲመቸን ዛሬ ባንክህ ከውጭ በሐዋላ ለሚገባ ዶላር የለጠፈው የመግዣ ዋጋ 150 ብር ነው እንበል። እኔ የምጠቀምበት ድርጅት 5 ዶላር ያስከፍላል፤ ዶላሩን ግን በ149 ብር ይመነዝረዋል። ነፃ የተባለው አፕ ምንም አያስከፍልም፤ ምንዛሪው ግን 143 ነው።

አሁን ከኪሴ የሚወጣው በሁለቱም በኩል 200 ዶላር ብቻ ይሁን። በእኔ ድርጅት አምስቱ ዶላር ለክፍያ ይሄዳል፣ 195ቱ በ149 ይባዛል፤ 29,055 ብር ይደርስሃል። በነፃው አፕ 200 በ143 ተባዝቶ 28,600 ይደርስሃል። በነፃው 455 ብር አጣህ ማለት ነው። የባንክህን 150 መለኪያ ካደረግን 200 ዶላሩ 30,000 ብር ነበር። እኔ በምልክበት መንገድ 945 ብር ጎደለ፤ ከመቶ ሦስት ብር ከአሥራ አምስት ሳንቲም መሆኑ ነው። በነፃው 1,400 ብር ጎደለ፤ ከመቶ አራት ብር ከስልሳ ሰባት ሳንቲም። ስለዚህ ሌላ ጊዜ አንድ ሰው ክፍያውን ወይም ምንዛሪውን ለይቶ ሲነግርህ አትስማው። እጅህ የገባውን ብር እኔ ከኪሴ ባወጣሁት ጠቅላላ ዶላር አካፍለውና ያንን ቁጥር አወዳድር። በእኔ 145 ከምናምን ይወጣል፣ በነፃው 143።

አሁን ወደ ሃምሳ ሃምሳው እንምጣ። 50 ዶላር በእኔ ድርጅት ብልክ አምስቱ ይነሳና 45 በ149 ይባዛል፤ 6,705 ብር። በነፃው 50 በ143፣ 7,150 ብር። እዚህ ላይ ነፃው አሸነፈ! አምስት ዶላር ከሁለት መቶ ላይ ሲነሳ ብዙም አይታወቅም፣ ከሃምሳ ላይ ሲነሳ ግን አንድ አሥረኛው ነው። በዚህ ምሳሌ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 124 ዶላር ግድም ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ነፃው፣ ከዚያ በላይ ባለ ክፍያው ይሻላል። በእኔ ድርጅት አራት ጊዜ ሃምሳ ብልክልህ በወር 26,820 ብር ብቻ ይደርስሃል። በአንድ ጊዜ ብልከው ካየነው በ2,235 ብር ያንሳል። እጄ ላይ አይበረክትም ላልከው፣ ገንዘቡ ሂሳብህ ውስጥ ይግባና በየሳምንቱ የምታወጣውን እናትህ ትወስንልህ። እሷ ላይ ደግሞ እንደማትጨክን አውቃለሁ።

ሌላው ወጥመድ የመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ነው። አዲስ ደንበኛ ስሆን 152 እንኳ ሊሰጡኝ ይችላሉ፤ ከባንኩ በላይ። ያ የማባበያ ዋጋ ለአንድ ጊዜ ወይም እስከ ተወሰነ መጠን ብቻ ነው። ጓደኛህ ‹የእኔ አጎት በ152 ላከልኝ› ሲልህ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ ጠይቀው።

በእኔ በኩል ያሉ ወጪዎችም አሉ፣ አንተ አታያቸውም። በክሬዲት ካርድ ብልክ ካርዱን የሰጠኝ ባንክ ጥሬ ገንዘብ እንደተበደርኩ ቆጥሮ የራሱን ክፍያና ወለድ ሊጭንብኝ ይችላል፤ ስለዚህ ከባንክ ሂሳቤ ነው የምልከው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ጀምሮ ደግሞ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ በሚላክ ላይ ከመቶ አንድ ግብር ተጥሏል። ሱቅ ሄዳ 200 ዶላር በእጇ ቆጥራ የምትልክ ጎረቤቴ ሁለት ዶላር ትጨምራለች፤ ከሂሳቧ ወይም እዚህ በተሰጣት ዴቢት ካርድ ብትልክ አይነካትም።»

እዚህ ላይ የልጁን ደብዳቤ አቆማለሁ። ምላሹ አጭር ነበር፦ «እሺ አክስቴ፣ ግን በስንት እንደተመነዘረልኝ በምን ልወቅ?» ስልኩ ላይ የመጣውን የባንክ መልእክት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል፣ ቀሪ ሂሳብዎ ይህን ያህል ነው ይላል። ስንት ዶላር እንደመጣ፣ በየትኛው ቀን ዋጋ እንደተመታ፣ የተቀነሰ ነገር ካለ ምን እንደሆነ አንድም ቃል የለም። እኔ የያዝኩትን ደረሰኝ ካላየ በቀር ልጁ ማካፈል የሚችለው ቁጥር የለውም። እኔ ደረሰኜን እልክለታለሁ። ቤሩትና ሪያድ ሆነው የሚልኩ እህቶች ግን አሠሪያቸው ወይም ሌላ ሰው ልኮላቸው ደረሰኙን በዓይናቸው ላያዩት ይችላሉ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጉዳይ ድሮ ያን ያህል አያሳስብም ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዋጋውን የምትወስኑት እናንተ ነበራችሁ፣ ከባንክ ባንክ ያለው ልዩነትም ኢምንት ነበር፤ ላኪ ክፍያውን ብቻ አይቶ ቢመርጥ ብዙ አይሳሳትም። በዚያ ቀን ዋጋውን ለገበያ ለቀቃችሁት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ይለጥፋል፤ ለጥሬ ኖት አንድ፣ በሐዋላ ለሚገባ ሌላ። ዋጋው ተለቀቀ፣ ለተቀባዩ የሚደርሰው መልእክት ግን ዋጋው አንድ በነበረበት ዘመን እንደነበረው ቀረ። የምጠይቀውም እሱ እንዲስተካከል ነው።

አንደኛው ጥያቄዬ፣ ከውጭ የተላከ ገንዘብ የሚከፍል ማንኛውም ባንክ በሚልከው መልእክትና በሚሰጠው ወረቀት ላይ የገባውን የውጭ ገንዘብ መጠን፣ የተመነዘረበትን ዋጋና ቀኑን፣ ተቀናሽ ካለ ተቀናሹን፣ በመጨረሻም ብሩን እንዲጽፍ መመሪያ አውጡ። ብሩን ሲያሰሉ ቁጥሮቹ የግድ በባንኩ ወይም በላኪው ድርጅት መዝገብ ላይ ይኖራሉ፤ አዲስ ነገር እንዲፈጥሩ አልጠየቅኩም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። አሜሪካ ውስጥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገንዘብ ላኪ ድርጅት ገንዘቤን ከመቀበሉ በፊት ክፍያውን፣ ምንዛሪውንና ተቀባዩ እጅ የሚገባውን መጠን በጽሑፍ ሊያሳየኝ ግዴታ አለበት፤ ከከፈልኩ በኋላም ገንዘቡ ገና ተቀባዩ እጅ ካልገባ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሐሳቤን ብቀይር ይመልስልኛል። ይሁንና የአገሩ ተቆጣጣሪ ደንቡን ሥራ ላይ ሲያውል፣ ቁርጡን መናገር ቀርቶ ግምት ብቻ ቢነገር የሚፈቀድባቸው አገሮች ብሎ ካወጣው ስም ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ነበረችበት፤ ከአሩባ፣ ከብራዚል፣ ከቻይናና ከሊቢያ ጋር። ምክንያቱ፣ በተቀባዩ አገር ሕግ የተነሳ በሚላክበት ሰዓት ትክክለኛውን መጠን ማወቅ አይቻልም የሚል ነው። ዋጋውን ለገበያ ከለቀቃችሁ በኋላ ይህ ሰበብ ለምን ይቆያል? በላክሁበት ሰዓት የተነገረኝ ብር ሐዋሳ ላይ የሚከፈለው ብር እንዲሆን፣ ከፋይ ባንኮች ከላኪ ድርጅቶች ጋር በሚገቡት ውል ውስጥ እንዲካተት ማድረግ ትችላላችሁ። የምንዛሪ ዋጋ በመካከል ቢወድቅ ወይም ቢወጣ የሚመጣውን ኪሳራ የሚሸከም አካል እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፤ ለዚያም ድርጅቶቹ ትንሽ ትርፍ ይጨምሩ ይሆናል። ቢጨምሩም ቁርጡ ይታወቃል።

ስለ ጥቁር ገበያ ሳልናገር ባልፍ ደብዳቤዬ ቅንነት ይጎድለዋል። የእህቴ ልጅ ጓደኛ እዚህ ዶላሩን የሚቀበል፣ እዚያ ብሩን የሚያስረክብ ሰው አለው። ሰውየው በዋትስአፕ «200 ዶላር፣ ይህን ያህል ብር» ይላል፤ አንድ ቁጥር ብቻ። ሰዎች ወደ እሱ የሚሄዱት ዋጋው ስለሚበልጥ ብቻ አይመስለኝም፤ ባንኮቹ ሊነግሩን የከበዳቸውን አንድ ቁጥር አስቀድሞ ስለሚናገርም ነው። ልጁን ከዚያ ሰው ያስጠነቀቅኩት ብሩ ቢቀር በየትኛውም ጣቢያ አመልክቶ ሊያገኘው ስለማይችል ነው፤ ለመከራከሪያ የሚሆን ደረሰኝ የለማ።

የዓለም ባንክ በየሩብ ዓመቱ የመላኪያ ወጪን ሲለካ 200 ዶላርን ይዞ፣ ክፍያውንና የምንዛሪ ልዩነቱን ደምሮ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ግብ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከመቶ ሦስት በታች እንዲወርድ ነው። እናንተም ወደ ኢትዮጵያ የሚልኩትን ድርጅቶች በዚሁ መንገድ ለክታችሁ፣ 50 እና 200 ዶላር ሲላክ በየትኛው ድርጅትና በየትኛው ባንክ በኩል ስንት ብር እጅ እንደሚገባ በየሳምንቱ በገጻችሁ ላይ ብታወጡት ሦስተኛው ጥያቄዬ ይመለሳል። ክፍያውን ለብቻ፣ ምንዛሪውን ለብቻ አትዘርዝሩት፤ የሚደርሰውን ብር ብቻ ጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋጋውን ለገበያ በለቀቃችሁበት በዚያው በ2016ቱ መመሪያ አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ከውጭ በሚላክለት ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት ይችላል ተብሏል። የእህቴ ልጅ ይህን ይዞ ወደ አንድ ቅርንጫፍ ቢሄድ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ይህ ለዲያስፖራ ብቻ ነው ብላ መለሰችው። በእሷ አልፈርድም፤ መመሪያው በቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ በአማርኛና በሲዳምኛ ቢለጠፍ ኖሮ ሁለቱም ባነበቡት ነበር። እንዲለጠፍ አድርጉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሐዋሳዋ አክስት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ